ንብን ወደ ፍሬም ቀፎ ማዛወርን በስላይድ ሲያስተምሩ የጀማሪን አእምሮ ከሸክም ስለ መጠበቅ

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለው በዋግ ኽምራ አገር ንብ ማርባት ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረ ሥራ ነው። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራውን ሞላላ ቀፎ የማያውቅ ሽማግሌ በዚያ አይገኝም። ነገር ግን በሣጥን መልክ የተሠራው፥ በውስጡም እየተነሡ የሚገቡና የሚወጡ ፍሬሞች ያሉት ቀፎ ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነው። ንብን ከአሮጌው ቀፎ ወደዚህ ወደ አዲሱ ማዛወር ደግሞ ብዙ ተግባር የሚከታተልበት፥ አንዱ ከሌላው የተሳሰረበት ሥራ ነው። ሥራው ከተሳሳተ ንግሥቲቱ ትሞታለች፤ ወይም መንጋው በሙሉ ተነሥቶ ይሄዳል። አንድ ወይም ሁለት ቀፎ ብቻ ላለው ቤተ ሰብ ይህ የዓመቱን ማር ማጣት ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለተማሪዎች ወይም ለገበሬዎች የሚያስተምር መምህር የሚያሳየው ሥዕልና የሚናገረው ቃል እንዴት ሆኖ ቢዘጋጅ ከሰሚው ልቡና እንደሚገባ ማወቅ ይገባዋል። ዛሬ በብዙ ስፍራ መምህሩ ትምህርቱን በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ያሳያል። እያንዳንዱም ገጽ ስላይድ ይባላል። ፕሮጀክተር የሌለበት ትምህርት ቤት በትልልቅ ወረቀት ላይ ሥሎ አንዱን ከአንዱ በኋላ ቢሰቅል፥ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለእርሱም ያገለግላል።

፩ የተጨናነቀ ገጽ ምሳሌ

አንድ መምህር የማዛወሩን ሥራ በሙሉ በአንድ ስላይድ ላይ ጻፈው እንበል። በገጹ ራስ ላይ ረጅም ርእስ አለ። ከሥሩ ዘጠኝ ተራ ጽሑፍ ተደርድሯል፤ ይኸውም አዲሱን ቀፎ አዘጋጅ፥ ማጨሻውን አቀጣጥል፥ አሮጌውን ቀፎ ክፈት፥ ንግሥቲቱን ፈልገህ ያዝ፥ የእጩን እንጀራ ቍረጥ፥ በፍሬም ላይ እሰር፥ ንቦቹን አራግፍ፥ መግቢያውን አጥብብ፥ ስኳር በውሃ በጥብጠህ መግብ የሚል ነው። በጎኑም ቍጥር የተጻፈበት የቀፎ ሥዕል አለ፤ የቍጥሮቹ ፍቺ ግን ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። በዙሪያው የአበባ ጌጥ ተሥሏል። መምህሩም ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።

በዚህ ገጽ ላይ ሐሰት የሆነ ነገር አንድም የለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰውም ቢያየው መልካም ማስታወሻ ሆኖ ያገኘዋል። ጀማሪው ግን ከዚህ ገጽ ምንም ይዞ አይሄድም። ፍሬም ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የእጭ እንጀራ ከማር እንጀራ በምን እንደሚለይ አያውቅም፤ ንግሥቲቱ ለምን እንደምትፈለግም አያውቅም። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊገነዘብ ሲሞክር የመጀመሪያውን ሳይይዝ መምህሩ አምስተኛው ላይ ይደርሳል።

፪ የሰው ልቡና በአንድ ጊዜ የሚይዘው ስንት ነው

ስለ አእምሮ የሚመራመሩ ሊቃውንት የሰውን ትውስታ በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ሰው የተማረውን ለረጅም ዘመን የሚያኖርበት የልቡና መዝገብ ነው፤ ስፋቱም እጅግ ብዙ ነው። ሁለተኛው አሁን የሚያስበውን ነገር ለጥቂት ጊዜ የሚይዝበት የሥራ ትውስታ ነው፤ ይህ ግን ጠባብ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው ጽሑፍ የዚህን መጠን በሰባት ነገር ዙሪያ ገምቶት ነበር። ኔልሰን ካውን ግን በ2001 ያለፈውን ምርምር መርምሮ፥ ሰው ነገሮቹን በሌላ ዘዴ ካላጣመራቸው በቀር የሚይዘው ወደ አራት የሚጠጋ መሆኑን ገለጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። አንድ ነገር የሚባለው ለሁሉ ሰው እኩል አይደለም። ብዙ ዘመን በፍሬም ቀፎ ለሠራ ሰው «የእጩን እንጀራ በፍሬም እሰር» የሚለው ቃል አንድ ነገር ነው፤ ቢላዋው፥ ክሩ፥ ልኩና አቀማመጡ በልቡናው መዝገብ አብረው ተቋጥረው ይኖራሉና። ለጀማሪው ግን ይኸው ቃል አምስት ወይም ስድስት ነገር ነው። መምህርና ተማሪ ያንኑ ገጽ እያዩ መምህሩ ቀላል፥ ተማሪው ከባድ የሚያደርጉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የአውስትራሊያው ሊቅ ጆን ስዌለር በ1988 ይህን ነገር ለትምህርት ሥራ እንዲያገለግል አድርጎ አብራራው። በእርሱና በተከታዮቹ ትምህርት መሠረት በተማሪው አእምሮ ላይ የሚጫነው ሸክም ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ከነገሩ ከራሱ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ነገሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ባንድነት ካልታሰቡ የማይገቡ ሲሆኑ ነው። ሁለተኛው ከአቀራረቡ የሚመጣ ነው፤ ይኸውም የራቀ ፍቺ መፈለግ፥ ጌጥ ማየት፥ እያነበቡ መስማት፥ ይህን የመሰለ ሁሉ ነው። ሁለተኛውን ሸክም መምህሩ ማስወገድ ይችላል። የመጀመሪያውን ማስወገድ አይቻልም፤ ነገሩ ራሱ ነውና። ነገር ግን ከፋፍሎ በየተራ ማሸከም ይቻላል።

፫ የሥራው እውነተኛ አካሄድ

ገጹን ከማዘጋጀት በፊት መምህሩ በሥራው ውስጥ ምን ከምን ጋር እንደ ተያያዘ ለራሱ መለየት አለበት። የማዛወሩ አካሄድ እንዲህ ነው።

ጊዜው አበባ በሚጀምርበት ወራት ይመረጣል፤ መንጋው የሚበላውን እንዲያገኝና አዲስ እንጀራ እንዲሠራ ነው። ሰዓቱም ወደ ማታ፥ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ አየሩ ይቀዘቅዛልና፥ የሌላ ቀፎ ንቦችም መጥተው ማሩን አይዘርፉምና፥ ሌሊቱም ለመረጋጋት ጊዜ ይሰጣልና። አሮጌው ቀፎ በጥቂት ጢስ ከተጨሰ በኋላ ከስፍራው ይነሣል። አዲሱም ቀፎ አሮጌው በነበረበት በዚያው ስፍራ ይቀመጣል፤ ከመስክ የሚመለሱት ንቦች የሚያውቁት ስፍራውን ነውና።

ከዚህ በኋላ አሮጌው ቀፎ ይከፈታል፤ እንጀራውም አንድ በአንድ እየተቈረጠ ይወጣል። ማር ያለበት ለብቻው በክዳን ዕቃ ይቀመጣል። እንቍላልና እጭ ያለበት እንጀራ በፍሬሙ ልክ ተቈርጦ፥ የላይኛው ወገን ወደ ላይ እንደ ሆነ ሳይገለበጥ በክር ይታሰራል፤ ፍሬሙም በአዲሱ ቀፎ መካከል ይገባል። ንቦቹ በጥቂት ቀን እንጀራውን በሰም ከፍሬሙ ጋር ያጣብቁታል። ንግሥቲቱም ስትገኝ በትንሽ ማቆያ ተይዛ በፍሬሞቹ መካከል ትቀመጣለች። ሠራተኞቹ ንቦች ሽታዋን ተከትለው ይሰበሰባሉ፤ በበሩም ጅራታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሌሎቹን ይጠራሉ። በመጨረሻም መግቢያው ይጠባል፤ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣቸዋል፤ በማግሥቱም መንጋው ረግቶ ሲታይ ንግሥቲቱ ትለቀቃለች።

የሥራው ሁሉ ቍልፍ በሁለት ነገር ላይ ነው፤ እነርሱም ንግሥቲቱና የእጩ እንጀራ ናቸው። እጭ ያለበትን ቤት ንቦች በቀላሉ ትተው አይሄዱም። ከዚህም በላይ ንግሥቲቱ ብትሞት፥ እንቍላል ወይም በጣም ትንሽ የሆነ እጭ ካለ ሠራተኞቹ ከእርሱ አዲስ ንግሥት ማሳደግ ይችላሉ። እንቍላሉ ከተጣለ ጀምሮ ንግሥት ሆና እስክትወጣ 16 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የእጩ እንጀራ ለመንጋው እንደ ዋስ ነው። ተማሪው ይህን ምክንያት ከያዘ፥ የተግባሩን ዝርዝር ቢረሳ እንኳ ምን ማዳን እንዳለበት አይረሳም።

፬ ስሞቹን አስቀድሞ ማስተማር

የመጀመሪያው ዘዴ ስሙንና አካሄዱን አለመቀላቀል ነው። ሪቻርድ ሜየር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ፈተና፥ የአንድን መሣሪያ ክፍሎች ስምና ጠባይ አስቀድመው የተማሩ ሰዎች አሠራሩን በኋላ ሲማሩ ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ እንደሚረዱ አሳይቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስሙን ሳያውቅ አካሄዱን የሚሰማ ሰው ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይሠራል፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነም ይጠይቃል፥ ምን እንደሚደረግበትም ይከታተላል።

ለዚህ ሥራ አምስት ገጽ ይበቃል፤ ፍሬም፥ የእጭ እንጀራ፥ ንግሥት፥ ማጨሻ፥ የንግሥት ማቆያ። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ትልቅ ሥዕልና አንድ ስም ብቻ ይኖራል። መምህሩም ስለ እያንዳንዱ አንድ መለያ ይናገራል። ለምሳሌ ንግሥቲቱ ሆዷ ረዝሞ ከክንፏ ጫፍ አልፎ እንደሚታይ፥ የሠራተኛዪቱ ግን እንደማያልፍ ያመለክታል። አገሬው ንግሥቲቱን አውራ ብሎ ይጠራታልና ያን ስም መጣል አይገባም፤ ተማሪው የሚያውቀው ስም በልቡናው መዝገብ ስላለ አዲሱን ነገር የሚሰቅልበት ካስማ ይሆነዋል። በቤታቸው አገውኛ ለሚናገሩ ልጆችም የነገሮቹን ስም መምህሩ በዚያ ቋንቋ ጠይቆ ከአማርኛው ስም ጎን ቢጽፈው መልካም ነው። የማያውቁትን ቃል ፍቺ መፈለግ ራሱ አንድ ሸክም ነውና።

እነዚህ ስሞች ከአካሄዱ በፊት ባለው ቀን ቢሰጡ ይመረጣል። ዕቃዎቹ በእጅ ከተገኙ ደግሞ ከሥዕሉ ጋር ዕቃው ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር።

፭ አካሄዱን በአራት መቋጠር

ሁለተኛው ዘዴ ረጅሙን ሥራ በጥቂት ቋጠሮ መክፈል ነው። ዘጠኙ ተግባር አራት ቋጠሮ ይሆናል፤ ማዘጋጀት፥ ማጨስና መክፈት፥ እጩንና ንግሥቲቱን ማዛወር፥ ማረጋጋት። እያንዳንዱ ቋጠሮ በሁለት ወይም በሦስት ገጽ ይነገራል። አንዱ ቋጠሮ ሲያልቅ መምህሩ ያቆማል፤ ተማሪዎቹም ያዩትን በራሳቸው ቃል ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ሜየርና ፖል ቻንድለር በ2001 መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርተው በ16 ክፍል ቈራረጡት። ተማሪው እያንዳንዱን ክፍል ጨርሶ ሲሻ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ የተደረገለት፥ ሳያቋርጥ ካየው ይልቅ አዲስ ጥያቄ የመመለስ ችሎታው በልጦ ተገኘ። የትምህርቱ ይዘት ግን ለሁለቱም አንድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በክፍሎቹ መካከል የተገኘው ፋታ ነው። በዚያ ፋታ የሥራ ትውስታ የያዘውን ወደ ልቡና መዝገብ አስገብቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስላይድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ያልፋል። ሦስተኛው ገጽ ሲወጣ ሁለተኛው ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ የአራቱ ቋጠሮ ስም በጥቍር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ ሳይጠፋ ሊኖር ይገባል። መምህሩም በየጊዜው አሁን በየትኛው ላይ እንዳሉ በጣቱ ያመልክት። ተማሪው ያለፈውን ለማስታወስ የሚያወጣውን ጉልበት ሰሌዳው ይሸከምለታል።

፮ የሦስተኛው ቋጠሮ ገጾች እንዴት እንደሚሠሩ

ከአራቱ ከባዱ ሦስተኛው ነውና አሠራሩ በዝርዝር ይታይ። በዚህ ቋጠሮ ተማሪው እጩን፥ ማሩን፥ ፍሬሙን፥ ክሩን፥ ንግሥቲቱንና ማቆያዋን ባንድነት ሊያስብ ይገደዳል። ይህ ከአራት ያልፋል። ስለዚህ በሦስት ገጽ ይከፈላል።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከቀፎ የወጣ አንድ እንጀራ ብቻ ይታያል። በሥዕሉ ላይ፥ በማሩ ስፍራ «ማር»፥ በእጩ ስፍራ «እጭ» ተብሎ ይጻፋል። መካከላቸውን የሚለይ አንድ መስመር ይሠመራል። ቍጥር ጽፎ ፍቺውን በግርጌ ማኖር አይገባም፤ ዓይን ከሥዕል ወደ ፍቺ፥ ከፍቺ ወደ ሥዕል ሲመላለስ በመንገድ የያዘውን ይጥላልና። መምህሩ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው፤ «በዚህ መስመር ላይ ይቈረጣል፤ ማሩ ወደ ዕቃ፥ እጩ ወደ ፍሬም ይሄዳል።»

በሁለተኛው ገጽ ላይ ያው የእጭ እንጀራ በፍሬም ውስጥ ታስሮ ይታያል። ሥዕሉ ከፊተኛው ጋር በቀለምም በመጠንም አንድ መሆን አለበት። እንጀራው በፊተኛው ገጽ ብጫ ሆኖ በዚህኛው ቡናማ ቢሆን፥ ጀማሪው ሌላ ነገር የመጣ ይመስለዋል። አዲስ ነገሮቹ ሁለት ናቸው፤ ክሩና ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት። ስለዚህ ደማቅ ቀለም የሚቀቡት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መምህሩም እንጀራው ለምን እንደማይገለበጥ ይነግራል፤ ንቦቹ የእንጀራውን ቤቶች አፍ ትንሽ ወደ ላይ አቅንተው ሠርተውታልና፥ ቢገለበጥ ዝንባሌው ይበላሻል።

በሦስተኛው ገጽ ላይ የአዲሱ ቀፎ ውስጥ ከላይ ሲታይ ይሣላል። የእጩ ፍሬሞች በመካከል፥ የንግሥቲቱ ማቆያ በእነርሱ መካከል ነው። የሰም ገጽ የተለጠፈባቸው ባዶ ፍሬሞች በግራና በቀኝ ደብዝዘው ይታያሉ። መምህሩ እዚህ ላይ ምክንያቱን ይናገራል፤ እጩ ሙቀት ይሻልና ከመካከል ይገባል፤ ንግሥቲቱም ከልጆቿ ጋር ስትሆን መንጋው ይሰበሰባል።

በሦስቱ ገጾች ላይ የተጻፈው ቃል ሁሉ ተደምሮ ከዐሥር አይበልጥም። ዐረፍተ ነገሩን ጆሮ ይሰማዋል፤ ዓይን ሥዕሉን ያያል። መምህሩ በግድግዳው ላይ የተጻፈውን ረጅም ቃል ራሱን ቢያነበው፥ ተማሪው በዓይኑም በጆሮውም ያንኑ ቃል ሲከተል ሥዕሉን የሚያይበት ዓይን ያጣል። ነገር ግን የነገሮቹ ስም መጻፍ አለበት፤ ይልቁንም ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነላቸው ልጆች የተጻፈ ስም ጆሮ የሳተውን ያቀናል። በጎን የሚሣል አበባ፥ የሚበር ንብ፥ የሚያምር ዳር ግን ሁሉ ይውጣ። ሥራውን የማይረዳ ሥዕል ሥራውን ያደናቅፋል።

መምህሩ ገጹን ከሠራ በኋላ ከክፍሉ መጨረሻ ካለው ወንበር ሄዶ ይመልከተው። የሰቆጣ ፀሐይ በመስኮት በሚገባበት ክፍል ደብዛዛ ፊደል አይነበብም። በነጭ ላይ በጥቍር የተጻፈ፥ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ይሻላል። ለማንበብ መጣር ራሱ ከጠባቡ ትውስታ ላይ ቦታ ይወስዳል።

፯ ሸክሙ መብዛቱ በምን ይታወቃል

ተማሪ «ገባኝ» ማለቱ ምስክር አይሆንም። ጀማሪ ያልገባውን ነገር ለይቶ መጠየቅ አይችልምና ዝም ይላል፤ ወይም መምህሩን አክብሮ ራሱን ይነቀንቃል። የበዛ ሸክም ምልክቱ ሌላ ነው። ተማሪው የመምህሩን ቃል እንደ ዳዊት ይደግማል፤ «ለምን» ሲባል ግን መልስ የለውም። ወይም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተግባር ይነግራል፤ መካከሉ ይጠፋዋል። መካከሉ ከጠፋ የበዛበት በዚያ ነው፤ ያ ገጽ እንደ ገና ይከፈል።

መፈተኛውም ቀላል ነው። የገጾቹ ሥዕሎች በትንንሽ ወረቀት ላይ ተሥለው ተደባልቀው ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቹም በቅደም ተከተል ይደረድሯቸዋል። ቀጥሎ አንድ ያልተነገረ ጥያቄ ይጠየቃሉ። ለምሳሌ፥ «ከተዛወረ በዘጠነኛው ቀን ቀፎው ተከፍቶ ንግሥቲቱ ባትታይ፥ ነገር ግን በእንጀራው ቤቶች ውስጥ እንቍላል ቢገኝ ምን ማለት ነው?» እንቍላል በሦስት ቀን ወደ እጭ እንደሚለወጥ የተማረ ልጅ፥ ንግሥቲቱ ባለፉት ሦስት ቀኖች ውስጥ በሕይወት እንደ ነበረች ይመልሳል። ይህን የመለሰ አካሄዱን ቃል በቃል ሳይሆን በምክንያቱ ይዞታል።

ከዚያ በኋላ ልምምዱ ከተፈጸመ ምሳሌ ወደ ጐደለ ምሳሌ ይሂድ። በመጀመሪያ መምህሩ ማዛወሩን ከፍጹም እስከ ፍጹም በገጽ ያሳያል። በሁለተኛው ጊዜ የመጨረሻውን ቋጠሮ ባዶ ትቶ ተማሪዎቹ ይሞሉታል። በሦስተኛው ሁለቱን፥ በመጨረሻም ሁሉን ይተዋል። ጀማሪን ገና ከመነሻው «ራስህ አስበህ ድረስበት» ማለት፥ መንገዱን በመፈለግ ትውስታውን ያደክመዋል እንጂ መንገዱን አያስተምረውም።

፰ ለማን እንደማይሆንና የት እንደሚያበቃ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጀማሪ ነው። በ2003 ስላቫ ካሊዩጋ ከስዌለርና ከሌሎች ጋር እንደ ገለጠው፥ ለጀማሪ የሚረዳው ዝርዝር ነገሩን ለሚያውቅ ሰው እንቅፋት ይሆናል፤ የሚያውቀውን ነገር እንደ ገና እንዲያነብ ያስገድደዋልና። ዕድሜውን በሙሉ በንብ ያሳለፈ ሽማግሌ «ይህ ንግሥት ይባላል» የሚል ገጽ ፊት ቢቀመጥ ይሰለቻል፤ መሰልቸቱም ትክክል ነው። ለእርሱ የመጀመሪያው ዘጠኝ ተራ ገጽ ይበቃዋል። ስለዚህ መምህሩ ሽማግሌዎችንና ልጆችን ባንድ ገጽ ባያስተምር ይመረጣል። ይልቁንም ሽማግሌው ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ ምክንያቱን ቢናገር ለሁለቱም ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቅ፤ ለእርሱ አንድ ቃል የሆነው ለልጁ አምስት ነገር መሆኑን አይርሳ። በየቃሉ መካከል ትንሽ ዝም ይበል።

ደግሞም ስላይድ እጅን አያስተምርም። የጢስ ልክ፥ የእንጀራ ልስላሴ፥ ሲቈረጥ የቢላዋው ግፊት፥ ንቦች ሲቈጡ የሚያሰሙት ድምፅ ከግድግዳ ላይ አይገኝም። የገጾቹ ተግባር ተማሪው ከቀፎው ፊት በቆመ ጊዜ ስሞቹንና ቅደም ተከተሉን በመፈለግ እንዳይጨነቅ፥ ትውስታውን ሁሉ ለእጁና ለዓይኑ እንዲለቅ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ማዛወር የሚያውቅ ሰው ባለበት ይደረግ። በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ የወረዳው የግብርና ባለሞያ ስለ አገሩ ንብና ስለ ማዛወሪያው ወራት ሊጠየቅ ይችላል።

በአምስት ገጽ ስም፥ በዐሥር ወይም በዐሥራ ሁለት ገጽ አካሄድ፥ በሁለት ቀን ትምህርት የተሰጠው ሥራ በአንድ ገጽ ላይ ሊጻፍ ይችል ነበር። በአንድ ገጽ የተጻፈው ግን በመምህሩ ዘንድ ይቀራል። በአሥራ ሰባት ገጽ የተከፈለው ከተማሪው ጋር ወደ ቀፎው ይሄዳል፤ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፥ ጢሱ ሲነሣና ንቡ ሲያጕረመርም፥ ልጁ ቢላዋውን ይዞ በቆመ ጊዜ ምን ማዳን እንዳለበት ያውቃል።